ንብ እርባታ ወይስ ንብ ማዛወር? ለቪዲዮ ርዕስ ዋናውን ቁልፍ ቃል እንዴት እንምረጥ

ዩቲዩብ ላይ በአማርኛ የሚጫኑ ብዙ የሙያና የእርሻ ቪዲዮዎች ርዕስ «ድንቅ ሥራ»፣ «የማያመልጥዎ»፣ «ክፍል 3»፣ «ጉዟችን ወደ ቡሬ» የሚል ነው። ውስጡ ሲታይ ጥሩ ትምህርት አለ። ርዕሱ ላይ ግን ትምህርቱን የሚፈልግ ሰው የሚጽፈው አንድም ቃል የለም። ቪዲዮው አለ፣ ፈላጊውም አለ፣ ግን አይገናኙም።

የሚያገናኛቸው ዋና ቁልፍ ቃል የምንለው ነገር ነው። ቃል ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቃላት ያለው ሐረግ ነው። አንድ ሰው ችግር ገጥሞት ስልኩን ሲያወጣ ፍለጋ ሳጥኑ ላይ የሚጽፋት ሐረግ ማለት ነው። አንድ ቪዲዮ ዋና ቁልፍ ቃሉ አንድ ብቻ ቢሆን ይሻላል። ሦስት አራቱን ርዕስ ላይ መደርደር ለማንኛቸውም በደንብ የማይመልስ ርዕስ ይፈጥራል።

ይህ ለሁሉም ዓይነት ቪዲዮ እኩል አይሠራም። ዘፈን፣ ድራማና ወሬ ብዙ ጊዜ ሰው ፈልጎ ሳይሆን ዩቲዩብ ራሱ ፊት ገጹ ላይ አቅርቦለት የሚያየው ነው። «እንዴት» የሚል ጥያቄ የሚመልስ ቪዲዮ፣ በተለይ ገና ሰብስክራይበር ካላበዛ ቻናል ሲወጣ፣ ዋናው በሩ ፍለጋ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንሠራበት ምሳሌ የእንዴት ቪዲዮ ነው።

ዳንግላ አካባቢ ያለ አንድ ወጣት ንብ አናቢ እናስብ። በስልኩ የ12 ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጿል። ቪዲዮው ንብን ከባህላዊ ቀፎ ወደ ዘመናዊ ቀፎ እንዴት እንደሚያዛውር ያሳያል። ሲያጨስ፣ የማር እንጀራውን ከነእጩ ቆርጦ ፍሬሙ ላይ ሲያስር፣ ንግሥቷን ሲፈልግ፣ ንቡን ወደ አዲሱ ሲያራግፍ ሁሉም ይታያል። ርዕሱን መጀመሪያ «ዘመናዊ የንብ እርባታ በጎጃም» ሊለው አስቧል። ትክክል ነው ወይ? ይህን የሚነግሩን ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የፍለጋ ጥቆማውና ተፎካካሪ ቪዲዮዎቹ። ወጣቱም ቁጥሮቹም ለማሳያ የቀረቡ ናቸው። ዘዴው ግን ማንም ዛሬ ስልኩ ላይ የሚሞክረው ነው።

ሳጥኑ ራሱ ምን ይላል?

ፍለጋ ሳጥኑ ላይ መጻፍ ስትጀምሩ ከሥሩ ወዲያው የሚዘረዘሩት ሐረጎች የፍለጋ ጥቆማ ናቸው። ዩቲዩብ እነዚህን ከራሱ አይፈጥራቸውም። መነሻቸው ሰዎች ከዚህ በፊት የፈለጉት ነገር ነው። ስለዚህ ጥቆማ ላይ የወጣ ሐረግ ማለት ቢያንስ ሌሎች ሰዎች በዚያው መልክ ጽፈውታል ማለት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጥንቃቄ አለ። ዩቲዩብ የእናንተን የቆየ ፍለጋም ያስታውሳል። ዝርዝሩ ላይ የሰዓት ምልክት ያለበት ሐረግ ካያችሁ ያ የእናንተው የትናንት ፍለጋ ነው፤ ገበያውን አይነግራችሁም። አጉሊ መነጽር ያለበት ነው የሚጠቅማችሁ። ከሁሉም የሚሻለው ብራውዘራችሁን በኢንኮግኒቶ ከፍቶ፣ አካውንት ውስጥ ሳይገቡ፣ ዩቲዩብን እዚያ መክፈት ነው። እንደዚያ ስታደርጉ የግል ታሪካችሁ ጣልቃ አይገባም።

አሁን ልጁ ይጽፋል። መጀመሪያ «ንብ» ብቻ። እዚህ የሚመጣው የተቀላቀለ ነገር ነው። ባንክም ኢንሹራንስም ንብ የሚባል አለ። የልጆች ዘፈንም ሊመጣ ይችላል። ይህች ቃል ብቻዋን ለርዕስ መሪ አትሆንም፤ ፈላጊው ምን እንደፈለገ አትናገርምና። ቀጥሎ «ንብ እ» ይጽፋል፤ ከዚያ «ንብ ማ»፤ ከዚያ «ንብ ሲ»። በእያንዳንዱ ፊደል ዝርዝሩ ይለወጣል። አዲስ የመጣውን ሁሉ ወረቀት ላይ ያሰፍራል፤ ወይም ስክሪንሾት ያነሳል። ኔትወርክ በማይታመንበት አካባቢ ያላችሁ ሰዎች ስክሪንሾቱን ምረጡ። አንድ ጊዜ ዳታ ሲገኝ ሠላሳ አርባ ጥቆማ ሰብስባችሁ ማመዛዘኑን እቤት ቁጭ ብላችሁ ትሠሩታላችሁ።

በአማርኛ ከዚህ በላይ አንድ ሥራ አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንን ነው። በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መመሪያዎች «ከቃሉ ኋላ ፊደል እየጨመርክ ሞክር» ይላሉ። የእኛ ቋንቋ ግን ከፊትም ይጨምራል። «የንብ» ብሎ መጀመርና «ንብ» ብሎ መጀመር ለሳጥኑ ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው። «ስለ ንብ»፣ «ለንብ»፣ «ከባህላዊ ቀፎ»፣ «በዘመናዊ ቀፎ» እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዝርዝር ይከፍታሉ። ስለዚህ ልጁ ዋና ዋና ቃላቱን ወስዶ፣ ንብ፣ ቀፎ፣ ማርና ንግሥት እንበል፣ እያንዳንዱን አንዴ ባዶውን፣ አንዴ በ«የ»፣ አንዴ በ«ከ»፣ አንዴ በ«ለ» መሞከር አለበት። አሰልቺ ሥራ ነው። ነገር ግን ጥሩው ሐረግ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚህ ነው።

ሰብስቦ ሲጨርስ በእጁ እንዲህ ያለ ዝርዝር አለ እንበል፦ የንብ እርባታ፣ ዘመናዊ የንብ እርባታ፣ የንብ እርባታ አዋጭነት፣ የንብ ቀፎ ዋጋ፣ የንብ ቀፎ አሠራር፣ ንብ ማዛወር፣ ከባህላዊ ቀፎ ወደ ዘመናዊ ቀፎ፣ ማር አቆራረጥ።

ቀጣዩ ጥያቄ «ከእነዚህ የትኛው ይበልጥ ይፈለጋል?» የሚል ይመስላል። ከዚያ በፊት ግን የሚጠየቅ አለ። ይህን የጻፈው ሰው ምን ይዞ መሄድ ይፈልጋል? «የንብ ቀፎ ዋጋ» ያለው ሰው ገንዘቡን እያሰላ ነው፤ ቁጥር ይፈልጋል። «አዋጭነት» ያለው ገና ልግባ አልግባ እያለ ነው። «የንብ ቀፎ አሠራር» ያለው እንጨትና መጋዝ ይዟል። «የንብ እርባታ» ያለው ምናልባት ተማሪ ነው፣ ምናልባት ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ ምናልባት ውጭ አገር ሆኖ አገር ቤት ሥራ ሊጀምር ያሰበ ነው። «ንብ ማዛወር» ያለው ሰው ግን ንብ አለው፣ አዲስ ቀፎም ገዝቷል፣ ነገ ምሽት ሥራውን ሊሠራ ነው። የልጁ ቪዲዮ ሙሉ በሙሉ የሚመልሰው ለዚህ ለመጨረሻው ሰው ነው። ለሌሎቹ ቢመልስም ቅንጭብ ነው።

ይህን ችላ ብሎ «የንብ ቀፎ ዋጋ»ን ርዕሱ ላይ ቢሰካ ምን ይሆናል? ሰዎች ይገባሉ። ዋጋው በመጀመሪያው ደቂቃ ካልተነገረ ይወጣሉ። ዩቲዩብ የፍለጋ ውጤትን ሲደረድር የርዕሱን ቃል ብቻ አያይም፤ ያንን ሐረግ ፈልገው የገቡ ሰዎች ቪዲዮው ላይ መቆየታቸውንም ይመለከታል። ብዙ ሰው ገብቶ ቶሎ ከወጣ ቪዲዮው እየወረደ ይሄዳል።

ጥቆማው የማይነግረንም አለ። ከላይ የተቀመጠው ሐረግ ከታችኛው ስንት እጥፍ እንደሚፈለግ ቁጥር አይሰጥም። ደግሞ በአማርኛ የሚጻፈው ፍለጋ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለሆነ፣ ጠቃሚ ሐረግ ሆኖ ጥቆማ ላይ ላይወጣ ይችላል። ጉግል ትሬንድስ ላይ ፍለጋውን ወደ ዩቲዩብ ቀይሮ ማየት ይቻላል፤ ለ«የንብ እርባታ» ዓይነት ሰፊ ቃል አንዳንዴ መስመር ያሳያችኋል። ለጠባብ የአማርኛ ሐረግ ግን «በቂ መረጃ የለም» የሚል መልስ ብታገኙ አትደነቁ። ይህ ማለት ፈላጊ የለም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከስልክ ውጭ አንድ ነገር ጨምሩ። ልጁ የገበያ ቀን ዳንግላ ወጥቶ ንብ ያለው ሰው ያገኛል። ስልኩን ከፍቶ ያቀብለዋል።

«አያ፣ ንብህን ከድሮው ቀፎ ወደ አዲሱ ልታገባ ብትፈልግና ባታውቅበት፣ እዚህ ላይ ምን ብለህ ትጽፋለህ?»

እዚህ ጥያቄው ላይ «ማዛወር» የሚለውን ቃል እንዳልተጠቀመ አስተውሉ። ቃሉን አስቀድሞ ከሰጠው ሰውየው ያንኑ ይመልስለታል። መልሱ «ንብ ማዛወር» ከሆነ ጥሩ። «ንብ ወደ ዘመናዊ ቀፎ ማስገባት» ካለ ግን አዲስ ሐረግ ተገኘ ማለት ነው፤ ተመልሶ ሳጥኑ ላይ ይፈትነዋል። የግብርና ባለሙያ የሚጠቀምበት ቃልና አርሶ አደሩ የሚጽፈው ቃል ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ርዕስ የሚጻፈው በፈላጊው ቃል ነው።

ፊደል ሲለያይ

የአማርኛ ፈላጊ አንድን ቃል በብዙ መልክ ይጽፋል። ንግሥት፣ ንግስት። ኅብረ ንብ፣ ህብረ ንብ፣ ሕብረ ንብ። እርባታ፣ ርባታ። በላቲን ፊደል `nib erbata` ብሎ የሚጽፍም አለ፤ ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ስላልጫነ ወይም ስለሚፈጥንለት። ዩቲዩብ እነዚህን አንድ አድርጎ ይረዳቸዋል ወይስ ይለያያቸዋል? ከመገመት መፈተን ይቀላል። ሁለቱን አጻጻፎች በየተራ ፈልጉና የመጀመሪያዎቹን አሥር ውጤቶች አወዳድሩ። ከሞላ ጎደል አንድ ከሆኑ ነገሩ አያሳስባችሁ። በጣም ከተለያዩ ርዕሱ ላይ ጥቆማው የሚያሳየውን አጻጻፍ ተጠቀሙ፤ ሌላውን ማብራሪያው ውስጥ በአንድ ተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር አስገቡት። ለላቲኑ አጻጻፍ ታግ የሚባለው ቦታ ይበቃል። ዩቲዩብ ራሱ ታግ በፍለጋ ላይ ያለው ሚና አነስተኛ እንደሆነ፣ የሚጠቅመውም ሰው ብዙ ጊዜ ፊደሉን አሳስቶ ለሚጽፈው ቃል እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ታግ ላይ ሰዓት አታጥፉ።

ተፎካካሪውን ማንበብ

አሁን ልጁ በእጁ ሦስት እጩዎች ቀሩ፦ «የንብ እርባታ»፣ «ዘመናዊ የንብ እርባታ»፣ «ንብ ማዛወር»። እያንዳንዱን ይፈልግና የሚመጡትን የመጀመሪያዎቹን አሥር ቪዲዮዎች ያያል። እነዚህ ተፎካካሪዎቹ ናቸው።

«የንብ እርባታ» ሲል የሚመጡት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ዘገባዎች፣ የትልልቅ የቢዝነስ ቻናሎች ቃለ መጠይቆችና ረጃጅም የሥልጠና ቪዲዮዎች ናቸው እንበል። አሥሩም ርዕሳቸው ላይ ሐረጉን ይዘዋል። አሥሩም በእርግጥ ስለ ንብ እርባታ ያወራሉ። የአንዱ ዕይታ መቶ ሺህ አልፏል። እዚህ ገጽ ላይ የ300 ሰብስክራይበር ቻናል ገብቶ ከላይ መቀመጥ ይከብደዋል። ሰፊ ፍላጎት አለ፤ ግን ፍላጎቱን የሚመልስም ሞልቷል።

ትልቅ ዕይታ አይቶ መደንገጥም መጓጓትም ግን ቶሎ ነው። ቁጥሩን ብቻውን አትመኑት፤ ከሁለት ነገሮች ጋር አመዛዝኑት። አንደኛው ዕድሜው ነው። ከ3 ዓመት በፊት ወጥቶ 90,000 ዕይታ ያለው ቪዲዮ በወር በአማካይ 2,500 ነው ያገኘው። ከ4 ወር በፊት ወጥቶ 12,000 ያገኘው ደግሞ በወር 3,000 ነው። ሁለተኛው ትንሽ ቢመስልም አሁን የሚፈለገው እሱ ነው። ሌላው ከቻናሉ መጠን ጋር ማነጻጸር ነው። ግማሽ ሚሊዮን ሰብስክራይበር ያለው ቻናል 12,000 ዕይታ ቢያገኝ ምንም አይነግረንም፤ ታዳሚው ነው ያየለት። 1,500 ሰብስክራይበር ያለው ቻናል 12,000 ካገኘ ግን ታዳሚው ብቻውን ይህን አያመጣም፤ ከውጭ የመጣ ሰው አለ። ርዕሰ ጉዳዩ በራሱ ሰው እየሳበ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ቪዲዮ ስታገኙ ቁጭ ብላችሁ መርምሩት።

አማካይ የሚደብቀውም ነገር አለ። የ3 ዓመቱ ቪዲዮ 90,000ውን በመጀመሪያው ወር ሰብስቦ ከዚያ ተረስቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ኮሜንቶቹን በአዲሶቹ ቅደም ተከተል አድርጋችሁ ክፈቱ። ካለፈው ሳምንት፣ ካለፈው ወር የተጻፈ ኮሜንት ካለ ቪዲዮው ዛሬም እየተገኘ ነው። የመጨረሻው ኮሜንት የ2 ዓመት ከሆነ ሞቷል። በፍለጋ የሚኖር ቪዲዮ ቀስ እያለ ለዓመታት ሰው ያስገባል፤ ወሬ ሆኖ ያለፈ ቪዲዮ ግን እንደዚያ አያደርግም። እኔ ይህን የኮሜንት ቀን ከዕይታ ቁጥሩ በላይ አምነዋለሁ።

ኮሜንቶቹ ሌላም ይሰጣሉ። «ንግሥቷን ካላገኘሁ ምን ላድርግ?»፣ «ሌሊት ነው ቀን?»፣ «እጭ ያለበትን እንጀራ ልጣለው?» የሚሉ መልስ ያላገኙ ጥያቄዎች ካሉ ቪዲዮው በርዕሱ የገባውን ቃል አልፈጸመም ማለት ነው። ልጁ የሚገባበት ክፍተት ያ ነው።

አሁን ወደ «ንብ ማዛወር» ገጽ። እዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቪዲዮዎች በእርግጥ ስለ ማዛወር ናቸው እንበል። አንዱ የቆየ ነው፣ ድምፁም አይሰማም። ሌላው ጥሩ ነው፤ ግን ንግሥቷ እንዴት እንደምትገኝ ሳያሳይ ያልፋል። ሦስተኛው ስለ ማር ገበያ ነው። አራተኛው ስለ ቀፎ አሠራር። አምስተኛው የውጭ አገር ቪዲዮ በእንግሊዝኛ። ከዚያ በኋላ ያለው ጭራሽ የማይገናኝ ነው። ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ዩቲዩብ ሐረጉን በቀጥታ የሚመልስ ቪዲዮ ሲያጥረው ገጹን በተቀራራቢ ነገር ይሞላዋል። ውጤቱ ከሦስተኛው ቪዲዮ ጀምሮ ከርዕሱ መራቅ ከጀመረ በዚያ ሐረግ ላይ ያለው ፉክክር ቀጭን ነው።

ግን ተጠንቀቁ። ባዶ ገጽ ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ «ፈላጊ አለ፣ መላሽ የለም» ነው። ሌላው «ማንም አይፈልገውም» ነው። ሁለቱን የሚለየው ቅድም የሰበሰብነው ማስረጃ ነው። ሐረጉ በጥቆማ ላይ ወጥቷል ወይ? ገበያ ላይ የተጠየቀው ሰው በራሱ አፍ አምጥቶታል ወይ? በሰፊው ቪዲዮ ሥር ያሉ ኮሜንቶች ውስጥ ስለ ማዛወር የሚጠይቁ አሉ ወይ? ከሦስቱ ሁለቱ አዎ ከሆኑ ግቡበት። አንዱም ካልሆነ ሐረጉ ምንም ያህል ቢያምር ተዉት። «ንብ የማሸጋገር ዘመናዊ ጥበብ» የሚል ርዕስ ተፎካካሪ ላይኖረው ይችላል፤ የሚጽፈው ሰው ስለሌለ።

ሌላው አማራጭ ተፎካካሪ ቻናሎቹን መክፈት ነው። የቪዲዮዎች ገጽ ላይ «ታዋቂ» የሚለውን ብትነኩ ቪዲዮዎቻቸው በዕይታ ብዛት ይደረደራሉ። አንድ የንብ ቻናል ዘወትር 2,000 እያገኘ አንዱ ቪዲዮው 25,000 ላይ ከወጣ የዚያ ቪዲዮ ርዕስ ላይ ያለውን ሐረግ ወስዳችሁ በሳጥኑ ፈትኑት። ሐረጉን እንጂ ርዕሱን እንዳለ አትገልብጡ። የእነሱ ርዕስ ለእነሱ ቪዲዮ ነው የተጻፈው።

«ዘመናዊ የንብ እርባታ»ስ? መሐል ላይ ነው። ከ«የንብ እርባታ» ትንሽ ጠበብ ይላል፤ ግን ገጹን የያዙት አብዛኞቹ እነዚያው ትልልቅ ቻናሎች ናቸው። የልጁ ቪዲዮም ስለ ዘመናዊ እርባታ በጠቅላላው አይደለም፤ ስለ አንድ ምሽት ሥራ ነው። ስለዚህ ዋናው ቁልፍ ቃል «ንብ ማዛወር» ይሆናል። «ዘመናዊ ቀፎ» ደግሞ አጋዥ ሆኖ ርዕሱ ውስጥ ይገባል።

ርዕሱ ሲጻፍ

ዩቲዩብ ለርዕስ እስከ 100 ፊደል ይፈቅዳል። ስልክ ላይ ግን ጫፉ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ በነጥብ ይቀራል። ስለዚህ ዋናው ሐረግ መጀመሪያ ላይ ይቀመጥ። ቀጥሎ ተመልካቹ ሌላውን ቪዲዮ ትቶ ይህን የሚነካበት ምክንያት ይምጣ። ምክንያቱን ከየት እናምጣው? ከተፎካካሪዎቹ ኮሜንት። ሰዎች ንግሥቷን ስለማጣት ደጋግመው ይጠይቁ ነበር። እንግዲህ፦

«ንብ ማዛወር ከባህላዊ ወደ ዘመናዊ ቀፎ፦ ንግሥቷ ሳትጠፋ»

አጭር ነው። ፈላጊው የጻፈው ቃል ከፊት አለ። ሥጋቱም ተነክቷል። ቪዲዮው ውስጥም የተባለው አለ። ታምኔሉ ላይ ያንኑ ርዕስ ደግሞ መጻፍ ቦታ ማባከን ነው፤ ንግሥቷ በቅርብ የተነሳችበት ፎቶና «የታለች?» የሚል አንድ ቃል ይበቃል። የማብራሪያው የመጀመሪያ ሁለት መስመሮችም ሐረጉን በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር ይያዙ፤ ልጁም ቪዲዮውን ሲጀምር «ዛሬ ንብን ከባህላዊ ቀፎ ወደ ዘመናዊ ቀፎ እናዛውራለን» ብሎ ይናገር። የገባው ሰው ትክክለኛው ቦታ እንደመጣ ወዲያው ይወቅ።

«በጎጃም» የሚለው ቃል የት ሄደ? አገሩን መጥራት ደስ ይላል፤ የጎጃም ማርም ስም ያለው ነው። ግን «ንብ ማዛወር» ብሎ የሚፈልገው ወሎ ወይም ጅማ ያለ ሰው «በጎጃም» የሚል ሲያይ ለእኔ አይደለም ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ሥራው ደግሞ ለእሱም ያው ነው። ጎጃም ብሎ ሳጥኑ ላይ የሚጽፍ ሰው ዘፈንና እስክስታ ፈላጊ ሊሆን ይችላል። ቪዲዮው «የማር ዋጋ በጎጃም ገበያ» ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ቦታው የጥያቄው አካል ስለሆነ ርዕሱ ላይ መኖር አለበት። ለዚህኛው ግን ጎጃም ማብራሪያው ውስጥ ይግባ።

የሚወጣበት ወቅትም ይታሰብበት። ሰው ስለ ማዛወር የሚፈልገው አበባ ሲቃረብ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አደይ አበባ ሳይፈነዳ ቪዲዮው ተጭኖ ቢገኝ ይሻላል። ኅዳር ላይ ሰው ማር እየቆረጠ ሳለ ብታወጡት ሐረጉ ትክክል ሆኖ ሳለ ለወራት ሊቀዘቅዝ ይችላል። የቀዘቀዘው ሐረጉ ስህተት ስለሆነ ይሁን ወቅቱ ስላለፈ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ላይ ይህን መለየት ያስቸግራል።

ቪዲዮው ከወጣ ሦስት አራት ሳምንት በኋላ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ይከፈታል። የቪዲዮው አናሊቲክስ ውስጥ ተመልካቾች ከየት እንደመጡ የሚያሳይ ክፍል አለ፤ እዚያ ላይ የዩቲዩብ ፍለጋን ስትነኩ ሰዎቹ ምን ጽፈው እንደመጡ ይዘረዘራል። ከላይ «ንብ ማዛወር» ወይም የቅርብ ዘመዱ ካለ ምርጫው ሠርቷል። ሌላ ሐረግ ካለ፣ ለምሳሌ «ንብ ወደ ቀፎ ማስገባት»፣ ሰዎቹ ራሳቸው የተሻለውን ቃል ነግረዋችኋል፤ ርዕሱን መቀየር ይቻላል። ሰው ፊት ብዙ ጊዜ ታይቶ የሚነካው ከጠፋ ችግሩ ቁልፍ ቃሉ ሳይሆን ታምኔሉ ወይም የርዕሱ ሁለተኛ ክፍል ነው። ጭራሽ ካልታየ ግን ወደ ሳጥኑ መመለስ ነው። ርዕሱንና ታምኔሉን በአንድ ቀን አትቀይሩ፤ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አታውቁትም።

የልጁ ዝርዝር ላይ በሦስተኛው ሳምንት ያላሰበው ሐረግ መጣ እንበል፦ «ንብ ከቀፎ ጥሎ ሲሄድ»። ቪዲዮው ውስጥ ይህን የነካው በግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው። ሆኖም ሰዎች በዚህ ጽፈው እየገቡ ነው። አሁን ባለው ርዕስ ላይ ሊጨምረው አይገባም፤ ይህ የሌላ ቪዲዮ ዋና ቁልፍ ቃል ነው። ኢንኮግኒቶውን ከፍቶ «ንብ ሲ» ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎ «የንብ መ»።